በሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

የአንድን ድርሰት ባለቤት ከድርሰቱ ቋንቋ ተነሥቶ መለየት የሥነጽሑፍ ጥናት የቆየ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ጥያቄው መልኩን ለውጧል። «ይህን የጻፈው ማን ነው?» መባሉ ቀርቶ «ይህን የጻፈው ሰው ነው ወይስ ማሽን?» መባል ተጀምሯል። ጥያቄው የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ በሙሉ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ተማሪ በቤት ሥራ ወረቀቱ ላይ ባሰፈራት አንዲት አጭር አንቀጽ ላይ ነው። መልሱ የተማሪውን ውጤት፣ አንዳንዴም የትምህርት ዕድሉን ይወስናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ላይ እንዲህ ያለ ብያኔ በአስተማማኝ ሁኔታ መስጠት እንደማይቻል ነው። የማይቻልበትም ዋና ምክንያት የመምህሩ የንባብ ልምድ ማነስ ወይም የመመርመሪያው መሣሪያ ድክመት ሳይሆን የጽሑፉ ማጠር ራሱ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከተሳካ ሥራ መነሣት ይሻላል። በ1787 እና በ1788 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት 85 መጣጥፎች በአንድ የብዕር ስም ወጥተው ነበር። ጸሐፊዎቹ ሐሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ ሲሆኑ፣ 12ቱ መጣጥፎች የሐሚልተን ይሁኑ የማዲሰን ረጅም ዘመን አከራክረዋል። ሞስቴለርና ዋላስ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 12ቱም የማዲሰን ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። ማስረጃቸው ታላላቅ ሐሳቦች ወይም ያማሩ ዘይቤዎች አልነበሩም፤ ጸሐፊው ሳያስብባቸው የሚጥላቸው ጥቃቅን ቃላት ነበሩ። ለምሳሌ «አፖን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ሐሚልተን በ1000 ቃላት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ሲጠቀምባት፣ ማዲሰን ግን አንድ ጊዜ ለመጠቀም ወደ 6000 ቃላት ያስፈልገዋል። ከዚህ የጎላ ልዩነት በሁለት ጸሐፊዎች መካከል ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አሁን ይህችኑ ቃል በሁለት መጠን እንያት። የ2000 ቃላት መጣጥፍ ቀርቦ «አፖን» አንድም ጊዜ ባትገኝበት፣ ከሐሚልተን ስድስት ያህል ስለሚጠበቅ የእርሱ የመሆኑ ነገር እጅግ አጠራጣሪ ይሆናል። የቀረበው ጽሑፍ 40 ቃላት ብቻ ቢሆንስ? ሐሚልተን ራሱ ቢጽፈውም ቃሊቱ የማትገኝበት ዕድል ከመቶ 89 ያህል ነው፤ ማዲሰን ቢጽፈው ደግሞ ከመቶ 99። ስለዚህ «አፖን የለችበትም» የሚለው ትክክለኛ አስተያየት ምንም አላስተማረንም ማለት ነው። ቃሊቱም ጸሐፊዎቹም የቀድሞዎቹ ናቸው። የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል እኔው ያዘጋጀሁትን፣ ስለ ግጭት ለተጠየቀ ጥያቄ ሊሰጥ የሚችል መልስ ላቅርብ፦

«በልቦለዱ ውስጥ ዋናው ገጸባሕርይ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ጎልቶ ይታያል። ደራሲው ይህን ውስጣዊ ግጭት በምልልስና በገለጻ አቅርቦታል። በመሆኑም አንባቢው የገጸባሕርዩን ስሜት ይጋራል።»

ቃላቱ 22 ናቸው። ይህን ያነበበ መምህር «የማሽን ነው» ቢል በምን ምልክት ይላል? መጀመሪያ የሚጠቀሰው «በመሆኑም» እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ሐሳብን በቅደም ተከተል ለማሠር ማሽን እንዲህ ያሉ አያያዦችን ያበዛል ይባላልና። ይሁን ብለን እንቀበለው። እንዲያውም ማሽኑ በ1000 ቃላት 10 ጊዜ፣ ተማሪው ደግሞ 5 ጊዜ ይጠቀምበታል ብለን እናስብ፤ ቁጥሩ ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው። በ2000 ቃላት ውስጥ 20 እና 10 ስለሚሆን ሁለቱን ለመለየት ጥሩ መነሻ ይገኛል። በ22 ቃላት ውስጥ ግን ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ የሚጠቀምበት ዕድል ከመቶ 20፣ ተማሪው የሚጠቀምበት ዕድል ደግሞ ከመቶ 10 ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ሚዛን ሰው መክሰስ አይገባም። በዚያ ላይ «በመሆኑም» ብሎ መደምደምን ተማሪዎቻችን የተማሩት ከእኛው የድርሰት ማስተማሪያ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የፊደል አጠቃቀም ሊሆን ይችላል። የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ለአማርኛ ጸሐፊ የጣት አሻራ ያህል ነው የሚል አስተያየት አለ፤ በረጅም ጽሑፍ ላይ እኔም እቀበለዋለሁ። በሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን ጸሐፊው በእርግጥ የሚመርጥባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው? «ገጸባሕርይ» በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ በ«ሕ» ወይም በ«ህ» ሊጻፍ ይችላል፤ «ገለጻ»ም እንዲሁ። ሌሎቹን ቃላት ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል በአንድ ዓይነት ይጽፋቸዋል። «ገጸባሕርይ» ሁለት ጊዜ መምጣቱም ማስረጃውን እጥፍ አያደርገውም፤ አንድ ጊዜ በ«ጸ» የጻፈ ሰው ከሁለት መስመር በኋላም በ«ጸ» መጻፉ የሚጠበቅ ነውና። ተማሪው ቃሉን ከመማሪያ መጽሐፉ አይቶ ከጻፈው ደግሞ ምርጫው የመጽሐፉ እንጂ የእርሱ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ከእንግሊዝኛው ጥናት በቀጥታ የሚወሰደው፣ የጥቃቅን አገናኞች ቆጠራ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ጠባይ ችግሩን ያብሰዋል። በእንግሊዝኛ ለብቻቸው ቆመው የሚቆጠሩት አብዛኞቹ በእኛ ቋንቋ ከቃል ጋር የሚጣበቁ ቅጥያዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን መበለት ያስፈልጋል። ብንበልተው በምሳሌያችን ውስጥ «በ» አራት ጊዜ፣ «የ» ሁለት ጊዜ፣ «ከ» አንድ ጊዜ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ግን ሰዋስው የሚያስገድዳቸው ናቸው፤ «ከራሱ ጋር» ለማለት «ከ»ን የማይጠቀም ማን አለ? ምርጫ ያለበት አንድ ቦታ «በምልልስና በገለጻ» የሚለው ነው፤ «በምልልስ እና በገለጻ» ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። አንድ ምርጫ ልማድን አያሳይም። ልማድ የሚባለው ተደጋግሞ ሲታይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ጠለቅ ያለ ነጥብ አለ። ማሽኑ የሠለጠነው ሰዎች በጻፉት ነው፤ የሚያወጣውም በዚያ ዓይነት ቦታ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ነው። አጭርና የተለመደ መልስ በሚጠየቅበት ቦታ ደግሞ ሰውም የሚጽፈው ሊመጣ የሚችለውን ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ከተማሪም ከማሽንም ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ሁለት ጽሑፎችን ከውስጣቸው ተነሥቶ የሚለይ ሐያሲም መሣሪያም ሊኖር አይችልም፤ ልዩነታቸው ከጽሑፉ ውጭ ነውና። ጽሑፉ እየረዘመ ሲሄድ ግን ሁለቱ በአጋጣሚ የሚገጣጠሙበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የእገሌ ነው የሚባለውም በቃል በወረደ ምስክርነት እንጂ ከሁለቱ ቤቶች ዘይቤ ብቻ ተነሥቶ አይደለም።

«ማሽኑ ራሱ ምልክት ቢያደርግበትስ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የሜሪላንድ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ዘዴ አቅርበዋል። ነገሩን አቅልዬ ልንገረውና፣ ማሽኑ እያንዳንዱን ቃል ከመጻፉ በፊት ቃላቱ በስውር ሥርዓት «አረንጓዴ» እና «ቀይ» ተብለው ይከፈላሉ፤ ማሽኑም ወደ አረንጓዴዎቹ ያደላል። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ሲጽፍ ግን ዘውድና ጎፈር እንደ መጣል ነው፤ ግማሽ በግማሽ ይወጣለታል። ማሽኑ ከመቶ 70 ያህል አረንጓዴ ይጽፋል እንበል። በ22 ቃላት ውስጥ ይህ 15 አረንጓዴ ማለት ነው። ሳንቲም 22 ጊዜ ብንጥል ግን 15 ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 7 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ100 ንጹሓን ተማሪዎች ሰባቱ ይጠረጠራሉ። ጽሑፉ 220 ቃላት ቢሆን ግን 150 አረንጓዴ በአጋጣሚ ይወጣል ብሎ የሚፈራ የለም። ሆን ተብሎ ማኅተም የተመታበት ጽሑፍ እንኳ ሲያጥር ማኅተሙ ይደበዝዛል። ማኅተም በሌለበትማ ምን ይባላል!

የመመርመሪያ መሣሪያዎቹ አሠሪዎች ይህን አይክዱም። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. አንድ መመርመሪያ ሲያወጣ፣ ከ1000 ሆሄያት ባነሰ ጽሑፍ ላይ እጅግ የማያስተማምን መሆኑን፣ ለእንግሊዝኛ ብቻም እንዲያገለግል አስታውቆ ነበር። በእንግሊዝኛ መፈተኛ ጽሑፎች ላይ እንኳ ከማሽን ጽሑፎች ያገኘው ከመቶ 26ቱን ሲሆን፣ ከሰው ጽሑፎች ከመቶ 9ኙን የማሽን ብሏቸዋል። በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ተነሣ። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ክፍላችን እናምጣቸው። ከ200 ወረቀቶች 20ው በእርግጥ የማሽን ናቸው እንበል። መሣሪያው ከ20ው 5 ያህል ይይዛል፤ ከ180ው የተማሪ ሥራዎች ደግሞ 16 ያህል ይከስሳል። ከተጠሩት 21 ተማሪዎች 16ቱ ያልሠሩትን ሠሩ የተባሉ ናቸው ማለት ነው። በዐይኑ ብቻ የሚፈርድ መምህር ከዚህ የተሻለ ሚዛን አለኝ የሚል ከሆነ፣ ስንቱን ንጹሕ እንደ ከሰሰ ቆጥሮ ማሳየት ይኖርበታል። እስካሁን እንዲህ ቆጥሮ ያሳየኝ አላጋጠመኝም። የሚነገረው የተያዙት ብቻ ነው።

በአጭር ጽሑፍ ላይ ፈጽሞ ምንም ማወቅ አይቻልም ግን አልልም። ተማሪው ከማሽኑ ሲገለብጥ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ» የምትለዋን መሰናበቻ አብሮ ቢያመጣት ነገሩ ያበቃል፤ ይህ ግን የዘይቤ ፍርድ ሳይሆን የተረሳ ዕቃ መገኘት ነው። የአንድ ተማሪ ሠላሳ አጫጭር መልሶች ቢሰበሰቡም 660 ያህል ቃላት ይሆናሉ፤ ከ22 ይሻላል። ይሁን እንጂ ሠላሳውም ከአንድ ምንጭ ናቸው ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። ተማሪው አሥሩን ራሱ ጽፎ ሃያውን ከማሽን ወስዶ ከሆነ፣ ቆጠራው የሁለቱን ድብልቅ ይሰጠናል እንጂ የትኛው የማን እንደ ሆነ አይነግረንም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ተማሪውን ጠርተው «ውስጣዊ ግጭት ያልከውን ከልቦለዱ አሳየኝ» ይሉታል። ይህ ደግ አሠራር ነው፤ የቅኔ መምህርም ተማሪውን «ፍታው» ይለዋል። የሚለካው ግን ሌላ ነገር መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ጥሩ አድርጎ ያስረዳ ተማሪ ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ግን ከማሽን ወስዶ ሊሆን ይችላል። ተደናግጦ ያልመለሰውም ራሱ ጽፏቸው ሊሆን ይችላል።