ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ሒሳቡን አለመንካት

ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የቃላት ፕሮብሌም ሳዘጋጅ መጀመሪያ የማየው ሒሳቡን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንውሰድ፦

«በአንድ የመዝናኛ ማዕከል በሚገኘው የመዋኛ ገንዳ ለመዋኘት ከመጡት 34 ጎብኚዎች መካከል ከፊሎቹ ከተመለሱ በኋላ 19 ጎብኚዎች ቢቀሩ፣ የተመለሱት ጎብኚዎች ብዛት ስንት ነው?»

ሒሳቡ ከ34 ላይ 19 መቀነስ ነው፤ መልሱ 15። ልጁ ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ይደክማል። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት፣ ግሡን ከሁሉም በኋላ ያስቀምጣል። ስለዚህ አንባቢው «ጎብኚዎች» እስኪል ድረስ ማዕከሉንም፣ ገንዳውንም፣ ዋናውንም ስለ ማን እንደሚነገር ሳያውቅ ይዞ መጓዝ አለበት። ፊደል በፊደል እያነበበ ለሚሄድ ልጅ ይህ ብዙ ነው። ገንዳ አይቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ የሚይዘው ሥዕል እንኳ የለውም። ያኔ የሚያደርገው ሁለቱን ቁጥሮች ለቅሞ መደመር ነው፦ 53። ከመጡት ሰዎች የተመለሱት እንዴት እንደበለጡ አይጠይቅም፤ ሰዎቹ ለእሱ አልመጡምና።

እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

በበረቱ 34 በጎች ነበሩ።
አንዳንዶቹ ወጡ።
አሁን በበረቱ 19 በጎች አሉ።
ስንት በጎች ወጡ?

በአንድ መስመር ቢበዛ አንድ ቁጥር፣ አንድ ግሥ፤ የነገሩ ቅደም ተከተልም እንደተፈጸመው። «ጥቂቶቹ» ያላልኩት ከ34 በጎች 15ቱ ጥቂት ስላልሆኑ ነው፤ አስተዋይ ልጅ በዚያ ቃል ተመርቶ ትንሽ ቁጥር ሊገምት ይችላል። በረት በማያውቅ ሰፈር በጎቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ ባሉ ልጆች እተካቸዋለሁ። ዋጋ ያለበትን ጥያቄ በዚህ ክፍል እሸሻለሁ፤ እንቁላል በመጽሐፉ ላይ አንድ ዋጋ፣ ሱቅ ሲላክ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን ልጁ ስለ ዋጋው ማሰብ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የማየው የማቅለል ስህተት ግን ይህ ነው፦ «34 በጎች ነበሩ። 19 ወጡ። ስንት ቀሩ?» ቁጥሮቹ እነዚያው፣ መልሱም 15 ነው። ሆኖም ጥያቄው ሌላ ሆኗል። በመጀመሪያው የወጡት አይታወቁም፤ ልጁ ከ19 ተነሥቶ እስከ 34 ሊቆጥር፣ ወይም ከጠቅላላው ላይ ያሉትን ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለቱም ማሰብን ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ታሪኩ ራሱ «ቀንስ» ብሎ ነግሮታል። ንባቡ ሲቀልል ሐሳቡም አብሮ ከተወሰደ የቃላት ፕሮብሌም መሆኑ ቀርቷል።

«ቀረ ካለ ቀንስ» የሚለው ምክርም እዚሁ ላይ ይጎዳል። ይህን እዩ፦ «ሐና ለሳራ 6 እርሳስ ሰጠች። አሁን ሐና ጋር 9 እርሳስ ቀረ። መጀመሪያ ሐና ስንት እርሳስ ነበራት?» ቃሉን ተከትሎ የቀነሰ ልጅ 3 ይላል፤ ትክክለኛው 15 ነው። ስሟን ሦስት ጊዜ መደጋገሜ ለአዋቂ ጆሮ ይጎረብጣል። ነገር ግን «አሁን 9 አላት» ብል ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ ያላት ሐና ትሁን ሳራ አይለይም። አዋቂ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ጀማሪ አንባቢ ግን ባለቤቷን ከዐውዱ እንዲለይ መጠየቅ አይገባም።

ልጁ ሲሳሳት እንቅፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቻላል። አውስትራሊያዊቷ አን ኒውማን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልጆችን ስህተት በደረጃ ከፍላ አሳይታለች፦ ማንበብ፣ መረዳት፣ ወደ ሒሳብ መለወጥ፣ ማስላት፣ መልሱን መጻፍ። እኔ በክፍል ውስጥ አሳጥሬ እጠቀምበታለሁ። መጀመሪያ ጥያቄውን እኔ አነብለታለሁ። በጆሮው ሰምቶ ከሠራው ችግሩ ንባቡ ነበር። ካልሠራው ታሪኩን በራሱ ቃል እንዲነግረኝ፣ ወይም በጠጠር እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። አሳይቶኝ ግን መልሱን ካላገኘ፣ ቁጥሮቹን ወደ 8 እና 5 አወርዳለሁ። በትንሹ ሠርቶ በ34 እና በ19 ከተሰናከለ መማር ያለበት ከአሥር ቤት መበደርን ነው፤ ጥያቄውን ደግሜ ባሳጥረው ምንም አይጠቅመውም። አፍ መፍቻው ሌላ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛው እንዲነግረው አደርጋለሁ፤ ያኔ ከደብተር ላይ ጨርሶ የማይታይ ችሎታ አንዳንዴ ይወጣል።

አጫጭሩን መስመር ለዘለዓለም አልተወውም፤ በላይኞቹ ክፍሎች ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ማግኘታቸው አይቀርም። በአጭሩ ከሠሩ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሁለት መስመሮቹን አጣምሬ አቀርበዋለሁ፦ «በበረቱ ከነበሩት 34 በጎች አንዳንዶቹ ወጡ። አሁን በበረቱ 19 በጎች አሉ። ስንት በጎች ወጡ?» በሚቀጥለው ሳምንት በጎቹን ትቼ፣ ይህንኑ የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ለደብተርና ለእርሳስ እጠቀምበታለሁ፤ ቁጥሮቹን ያኔ ትንንሽ አደርጋለሁ።