ጭንቀት የሚለውን ቃል የማይፈልግ ፍለጋ

ማይንድፉልነስ፣ ማለትም ትኩረትን በአሁኗ ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድ፣ የታዳጊዎችን ጭንቀት ይቀንስ እንደሆነ የሚመረምር ስልታዊ የጥናት ግምገማ ብልሃቱ ከፍለጋው ይጀምራል። ጀማሪ ልምምዱን፣ ዕድሜውንና ጭንቀትን በአንድ ላይ አስሮ ይፈልጋል። ልምድ ያለው ግን ጭንቀትን ሆን ብሎ ይተዋል። በብዙ ሙከራዎች ጭንቀት ተጨማሪ መለኪያ ነው፤ ለውጥ ካልታየበት ደግሞ ከጥናቱ አጭር መግለጫ በቀላሉ ይቀራል። ቃሉን የግድ ያለ ፍለጋ እንግዲህ የተሳካላቸውን ብቻ ሊለቅም ይችላል። በፐብሜድ እንዲህ ይጻፋል፦

```
("Mindfulness"[Mesh] OR mindful*[tiab])
AND (adolescen*[tiab] OR teen*[tiab])
AND randomi*[tiab]
```

የሚመጣው ክምር ብዙ ነው፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያጣሩታል። አድካሚነቱ አይካድም።

ከማጣሪያው ያለፉትን ሙከራዎች የአድልዎ ስጋት የሚመዝነው ሮብ 2 የተባለው መሣሪያ አምስት ዘርፎች አሉት። እጅግ የሚደነቀው ስለ አለካክ የሚጠይቀው አራተኛው ነው። አንድ ቡድን ለስምንት ሳምንት ሲለማመድ ሌላው ተራውን ይጠብቃል እንበል። ዕጣው በአግባቡ ወጥቷል፣ ያቋረጠም የለም። መጠይቁን የሚሞሉት ግን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ የሚያውቁት ታዳጊዎች ራሳቸው ናቸው፤ የተለማመደው መሻሻልን ይጠብቃል፣ ተራ ጠባቂው ገና እንዳልታገዘ ያውቃል። ይህ እውቀት መልሳቸውን ሳያዘነብለው አይቀርም ከተባለ ፍርዱ «ከፍተኛ ስጋት» ይሆናል። የቀሩት አራቱ ዘርፎች ንጹሕ መሆናቸውም አያድነውም፤ መሣሪያው አማካይ አያወጣም፣ በአንዱ ዘርፍ የወደቀ ውጤት በጠቅላላው ይወድቃል።