ቁልፉ ተጭኖ እስኪለቀቅ

የአፕል ቲቪ ሪሞት በድምፅ ከሚታዘዛቸው ነገሮች ሁሉ አንዱን አስበልጣለሁ። ተዋናዩ አጉረምርሞ ወይም ተጣድፎ የተናገረው ነገር ሲያመልጥዎ የማይኩን ቁልፍ ተጭነው «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» ይላሉ፤ ምን አለ? እንደ ማለት ነው። ፊልሙ 15 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለስና ያንኑ ንግግር ደግሞ ያሰማል፣ በዚህኛው ዙር ግን ከሥሩ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ያመለጠው ቦታ ካለፈ በኋላ ጽሑፉ ማንም ሳያጠፋው ይጠፋል።

ይህን ያሰበው ሰው ሶፋ ላይ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ፊልም ያየ ሰው መሆን አለበት። «ምን አለ?» ብለን የምንጠይቀው አጠገባችን ያለውን ሰው ነው፤ እሱ ሲያስረዳን ደግሞ ቀጣዩ ንግግር ለሁለታችንም ያመልጠናል። የ15 ሰከንዱ ልክ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ንግግሩ እንዳመለጠ እስኪገባን፣ ሪሞቱን ከትራሱ ሥር ፈልገን እስክናነሳ፣ ጥያቄውን ጠይቀን እስክንጨርስ የሚያልፈውን ጊዜ ይሸፍናል። አምስት ሰከንድ ቢሆን አይበቃም ነበር፣ ደቂቃ ቢሆን ያሰለቻል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ለተማረና ከመስማት ይልቅ ማንበብ ለሚቀለው የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ አባወራ፣ ጽሑፉ ብቻውን ግማሽ ፊልም ነው። ፊልሙ መጀመሪያውኑ ጽሑፍ ከሌለው ግን ትእዛዙ ከየት ያመጣል? የሚያሳይበት መተግበሪያም ትእዛዙን መቀበል አለበት።

ሪሞቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአራተኛው ትውልድ አፕል ቲቪ ጋር ሲወጣ የማይኩ ቁልፍ ፊቱ ላይ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ነበር። በ2021 የወጣው የአሉሚኒየም ሪሞት ቁልፉን ወደ ቀኝ ጎን አዛወረው። ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ሪሞት የሚያዘው ግን በጨለማ ነው፤ ጎን ላይ ብቻውን ያለ ቁልፍ ደግሞ ሳያዩት በጣት ይገኛል።

ቁልፉ ነክተው የሚተዉት አይደለም፤ እስኪጨርሱ ድረስ ተጭነው የሚይዙት ነው። ይህን እንደ ችግር የሚያዩት አሉ፤ እኔ የሥራው ብልሃት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሪሞቱ የሚያዳምጠው ጣት ሲኖርበት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስሙ እስኪጠራ ጆሮውን አቁሞ ባትሪ አይጨርስም፤ ከሳሎን ወሬም ጣልቃ አይገባም። መቼ ጀመረ፣ መቼ ጨረሰ ብሎ መገመትም አይኖርበትም፤ ጣቱ ይነግረዋል።

ከዚህ የሚመጣው ስሕተት ታዲያ በዓይን ይታያል። የተናገሩት ነገር ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ስለሚወጣ ከውጤቱ በፊት እሱን ማየት ነው። የመጀመሪያው ቃል ከጎደለ ቁልፉ ሳይጫን ቀድመው ተናግረዋል ማለት ነው፤ የመጨረሻው ከጎደለ ቶሎ ለቀዋል። ቃሉ በሌላ ቃል ከተተካ ጆሮው አልለየውም። ጽሑፉ ልክ ሆኖ ውጤቱ የተሳሳተ እንደሆነ ግን ደጋግሞ መጮህ ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ከመስማቱ ሳይሆን ከፊልሞቹ ዝርዝር ነው።

የያሬድ ዘለቀን ፊልም ለምሳሌ እንውሰድ። በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው፣ ኤፍሬም የሚባለው ልጅና በጉ ቹኒ ያሉበት ፊልም ለዓለም የቀረበው «ላም» በሚል የእንግሊዝኛ ርዕስ ነው፤ በግ ለማለት። ቃሉ ለመሣሪያው ጆሮ የሚከብድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ቢሉት ይጽፈዋል። ነገር ግን በ2021 የወጣ፣ ኑሚ ራፓስ የምትጫወትበት የአይስላንድ ፊልምም በዚሁ ርዕስ ይታወቃል። ሁለቱም ካን ላይ የታዩት በአንድ ዘርፍ ስለሆነ የፌስቲቫሉን ስም መጨመርም አይለያቸውም። እንግዲህ የሚለያቸው ነገር መጨመር ነው። የዳይሬክተሩን ስም ማለት ይቻላል፤ ሲሪ አማርኛ ስለማትሰማ ግን «ዘለቀ»ን በእንግሊዝኛ ጆሮ ወዴት እንደምትወስደው አይታወቅም። ዓመተ ምሕረቱ ይሻላል፤ ቁጥር ማንም አፍ ላይ ብዙ አይበላሽም። በአገር መጥራትም አለ፤ የኢትዮጵያ ፊልም ብሎ መጀመር።

ፍለጋው የሚያምረው በአንድ ትንፋሽ ሁሉን መናገር ስለማያስፈልግ ነው። አክሽን ፊልሞችን አሳየኝ ብለው ዝርዝሩ ሲመጣ፣ ቁልፉን ደግመው ተጭነው የጄምስ ቦንዶቹን ብቻ ማለት ይችላሉ። መሣሪያው የፊቱን ጥያቄ ይዞ ይቆያል፤ አዲሱን ከላዩ ይጨምርበታል። ሱቅ ገብቶ ጨርቅ እንደሚያስወርድ ደንበኛ ነው፤ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ውፍረቱን እያሉ መቀነስ።

ድምፅ መጨመርና መቀነስ ላይ ሲደርሱ ግን አውራ ጣት ያሸንፋል። ሁለት ደረጃ ለመቀነስ አረፍተ ነገር መናገር ትርፍ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ የመጨመሪያና የመቀነሻውን ቁልፍ አላነሡትም። ከበስተጀርባው ያለው አሠራር ደግሞ ከሚታሰበው ይለያል። ንግግራችን የሚሄደው በብሉቱዝ ነው። የድሮው ሪሞት ኢንፍራሬድ ለአንድ ቁልፍ አንድ አጭር ኮድ ይልካል እንጂ የሰው ድምፅ የሚሸከም አቅም የለውም። ያም ሆኖ አዲሱ ሪሞት ኢንፍራሬዱን ጫፉ ላይ ይዞ ቀርቷል፤ ምክንያቱም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለማዘዝ ብዙ ጊዜ የሚግባባበት ቋንቋ እሱ ነው። ቤትዎ ያለው በየትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ የሪሞቱን ጫፍ በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ ድምፅ መጨመሩ ቆሞ ሌላው ሁሉ ከሠራ ኢንፍራሬድ ነው።

ኢንፍራሬድ መልስ አያመጣም። ጨምር ይላል፣ ቀንስ ይላል፤ አሁን ስንት ላይ እንዳለ ግን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ለብቻው የሚሰካ ሣጥን በዚህ መንገድ «ድምፁን 15 አድርገው» የሚለውን በትክክል ሊፈጽም አይችልም፤ ከስንት እንደሚነሳ አያውቅማ። ማይክ ያለው ሪሞት የቴሌቪዥኑ የራሱ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ቴሌቪዥኑ የራሱን ቁጥር ስለሚያውቅ የተባለው ላይ ያቆማል።

ቻናል መቀየርም እንደዚሁ ዝርዝሩን ማን ይዞታል የሚለው ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮምካስት ኤክስዋን ሣጥን የቻናሎቹን ዝርዝር ራሱ ስለያዘ የቻናሉን ስም መጥራት ይበቃል፤ ቁጥሩን ማስታወስ ቀረ። አዲስ አበባ ግን በብዙ ቤት ቻናሎቹን የያዘው ከዲሹ ጋር የተያያዘው ሪሲቨር ነው። ስማርት ቴሌቪዥኑ ከዚያ የሚያየው በገመድ የሚመጣ አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ኢቢኤስ ይሁን ፋና አይለይም። በሪሞቱ ማይክ ኢቢኤስ ቢሉት ምናልባት ዩቲዩብ ውስጥ ገብቶ ይፈልግልዎታል። እዚያ ቤት በትክክል የምትሠራው ትእዛዝ ወደ HDMI 1 ቀይር የምትለዋ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሪሲቨሩ ሪሞት ሥራ ነው።