ሙያቸው ለተለያየ ፈታኞች የሚቀርብ የዲፌንስ መክፈቻ ገለጻ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ በተለምዶ ዲፌንስ በሚባለው የመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ላይ ከሌላ ተቋም የሚጋበዝ የውጭ ፈታኝ፣ ከተቋሙ የሚመደብ የውስጥ ፈታኝና ውይይቱን የሚመራ ሰብሳቢ ይሰየማሉ። ጥናቱ ጣና ሐይቅን የሚመለከት ሲሆን አንዱ የሳተላይት ምስል ተንታኝ፣ ሌላው የዓሣ ተመራማሪ፣ ሦስተኛው የግብርና ኢኮኖሚ ምሁር ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የጽሑፉን ምዕራፎች በተራ የሚያስጎበኝ ገለጻ ለማናቸውም አይበቃም። የዚህ ዓይነቱ ገለጻ ጉድለት የሚታወቀው ለገለጻው ከተሰጠው ሩብ ሰዓት አብዛኛውን የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ወስዶ ሰብሳቢው ሰዓት ሲያስታውስ፣ የፈታኙም የመጀመሪያ ጥያቄ «ታዲያ ምን ተገኘ?» ሲሆን ነው።

ለምሳሌ በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበውን እምቦጭ በሳተላይት ምስል የለካ ጥናት ይታሰብ። ግኝቱ «በፎገራና በደምቢያ ዳርቻ አረሙ በስፋት የሚታየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው» የሚል ከሆነ፣ ገለጻው በዚሁ ዓረፍተ ነገር መጀመር አለበት፤ ሦስቱም ያለ አስተርጓሚ የሚረዱት፣ እያንዳንዱም በሙያው ሊሞግተው የሚችለው ነውና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የአሠራሩ ዝርዝር በሙሉ ሳይሆን ግኝቱ የቆመበት አንድ ውሳኔ ነው። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት በሚያነሳው ምስል ላይ ፒክሰል፣ ማለትም የምስሉ ትንሹ ካሬ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሜትር ሲሆን 100 ካሬ ሜትር ውኃ ይወክላል። ይህ በአንድ ሐረግ ሲብራራ የዓሣ ተመራማሪው፣ ዓሦች ለመራባት በሚያልፉባቸው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ያለ ጠባብ የአረም ንጣፍ ሊሰወር እንደሚችል ወዲያው ይገባዋል። ዋናው ውሳኔ ግን እምቦጭን ከደንገል መለየት ነው። ሁለቱም አረንጓዴ በመሆናቸውና ዓይን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን አጥብቀው ስለሚያንጸባርቁ የዕፅዋትን ልምላሜ የሚለካው ቁጥር ብቻውን አይለያቸውም፤ ነገር ግን ደንገል በዳርቻው ሥር ሰድዶ በቦታው ሲቆይ እምቦጭ በነፋስ ስለሚንሳፈፍ፣ የተለያዩ ቀናትን ምስሎች ማነጻጸርና በጂፒኤስ ከተመዘገቡ የመስክ ነጥቦች ጋር ማመሳከር ይረዳል። ለዚህ ውሳኔ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ መስጠት ብክነት አይደለም፤ ፈታኞች ውጤቱን የሚያምኑት ወይም የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው።

የግኝቱ ወሰንም ሳይጠየቅ መነገር አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሐይቁን ስለሚሸፍን፣ ተማሪው «አረሙ ከክረምት በኋላ ይሰፋል» ካለ ያላየውን ወር እንዳየ አድርጎ ተናግሯል፤ «በስፋት ይታያል» ካለ ግን ከማስረጃው አላለፈም። የኢኮኖሚ ምሁሩ አረሙን በእጅ ለማስወገድ ጉልበት በየትኛው ወር ይመደብ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በዚህ ልዩነት ላይ ይመሠረታል።

ተፈታኙ ገለጻውን አስቀድሞ ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው ያቅርብ፤ አድማጩ ግኝቱንና ወሰኑን በራሱ አንደበት መመለስ ካቃተው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች እንደገና ይጻፉ።