ዐርብ ማታ የሚደወል ስልክ

ፀጉር ሠሪ ስትታመም ሳሎኑ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጽሑፉ ነው። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የነገውን ቀጠሮ ለመሰረዝ የተገደድን መሆኑን በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን» ይባልና ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይላካል። ጽሑፉ ጨዋ ነው። እኔ ግን ቀጠሮ መሰረዝ ከቃላቱ በፊት ከሌላ ጥያቄ ይጀምራል ባይ ነኝ፦ ይህች ደንበኛ ከአሁን ጀምሮ ቀጠሮዋ እስኪደርስ ድረስ ፀጉሯን ምን ታደርገዋለች? ለማን መደወል እንዳለብን፣ ለማን መልእክት እንደሚበቃ፣ የትኛዋ እስከ ጠዋት ብትቆይ እንደማትጎዳ የሚነግረን የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ጥር ውስጥ ያለ አንድ ቅዳሜ እንውሰድ። ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሰርጉ ተደራርቧል። ሳሎኑ አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ የሚባል ነው፤ ሦስት ፀጉር ሠሪዎች አሉት። ከሦስቱ ዋናዋን ዐርብ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ጀምሯታል። ለቅዳሜ በስሟ የተያዙት አራት ናቸው። አንደኛዋ ሙሽራ ናት፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቤቷ ድረስ ይኬድላታል። ሁለተኛዋ 4 ሰዓት ላይ ሹሩባ ትሠራለች። ሦስተኛዋ 7 ሰዓት ላይ ሪላክሰር ትቀባለች። አራተኛዋ 10 ሰዓት ላይ መጥታ ታጥባ፣ ካስክ ገብታ፣ በፒያስትራ ተሠርታ ትወጣለች።

ከደንበኞቹ በፊት ግን የታመመችዋ ራሷ አለች። «ነገ ይሻለኛል፣ እመጣለሁ» ማለቷ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሕመም ፈቃድ የመጀመሪያ ወር ሙሉ ደመወዝ ይፈቅዳል፤ ደመወዟ ትንሽ፣ ፐርሰንቷ ብዙ ለሆነች ፀጉር ሠሪ ግን የጥር ቅዳሜ የወር አስቤዛ ማለት ነው። ስለዚህ ትጠብቃለች፤ ሳሎኑም አብሯት ይጠብቃል፤ ሲነጋ ስልኳን አታነሳም። ዘግይተው የሚመጡ የስረዛ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚወለዱት። በእኛ ቤት ውሳኔው ማታ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚያ ሰዓት ትኩሳት ያላት ሠራተኛ ጠዋት ቢሻላትም የቅዳሜ ቀጠሮዎቿ ወደ ሌላ ሄደዋል። ፀጉር ሠሪ ከደንበኛዋ ፊት በስንዝር ርቀት ለሰዓታት ቆማ ነው የምትሠራው፤ ሙሽራን በሰርጓ ማግስት አልጋ ላይ መጣል ደግሞ ከቀረ ቀጠሮ የከፋ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የስልክ ቁጥር ነው። በእኛ ሙያ ደንበኛ የሳሎኑ ሳትሆን የእጁ ናት። በቀጥታ ለፀጉር ሠሪዋ ትደውላለች፤ ቁጥሯም ያለው በእሷ ስልክ ውስጥ ነው። ሠሪዋ ታምማ ስትተኛ ዝርዝሩ አብሮ ይተኛል። መቀበያው ላይ አንድ ደብተር ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ትይዩ ስልኩ፣ የሚሠራው ነገር፣ ቀጠሮውን ያስያዘው ማን እንደሆነ ይጻፍበታል። የመጨረሻው ለሙሽራ ወሳኝ ነው። በሰርግ ዋዜማ ሙሽራ ስልኳን አታነሳም፤ ብታነሳም ይህን ወሬ ከእኛ መስማት የለባትም። የሚደወለው ቀጠሮውን ላስያዘችው እህቷ ወይም ሚዜዋ ነው።

ለሙሽራ ቤት የሚደወለው ምትክ ከተገኘች በኋላ ነው። የሙከራው ቀን የተነሣው ፎቶ በቴሌግራም ለምትተካዋ ይላካል፤ እሷም አይታ የምትችለውንና የማትችለውን በግልጽ ትናገራለች። ፎቶው ላይ ያለው አሠራር የታመመችዋ እጅ ብቻ የሚያወጣው ከሆነ ልዩነቱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ንጋት ላይ መስተዋት ፊት የሚገለጽ ልዩነት መታረሚያ ጊዜ የለውም። ንግግሩ አጭር ነው። «እህቴ፣ እንደምን አመሸሽ። ለሙሽራዋ የተያዘችው ልጅ ታማብናለች። ሌላ ልጅ አዘጋጅተናል፤ የሠራቻቸውን ፎቶዎች አሁን እልክልሻለሁ። ካልወደዳችኋት ቀብዱን ዛሬውኑ እመልሳለሁ፤ ሌላ የምታውቁት ሰው ካለም ለመደወል ገና ጊዜ አላችሁ።» የመጨረሻዋ ሐረግ እውነት የምትሆነው ስልኩ በጊዜ ከተደወለ ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ሠሪ ማፈላለግ ይቻላል፤ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሚቀረው ልመና ብቻ ነው። ምትክ ፍለጋው ራሱ ከግማሽ ሰዓት ካለፈም ባዶ እጅ መደወል ይሻላል።

ከሙሽራዋ ቀጥሎ የሚደወለው ለሹሩባዋ ደንበኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይገምትም፤ ቀጠሮዋ ተራ ስለሚመስል መልእክት ይልክላታል። እሷ ግን ራት በልታ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አሮጌውን ሹሩባ መፍታት የምትጀምረው በዚሁ ምሽት ነው። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል። የተፈታ ሹሩባ ደግሞ ሰኞ ቢሮ ይዘውት የሚገቡት ዓይነት ፀጉር አይደለም። ሳትጀምር ከደረስንባት አሮጌው ሹሩባ አንድ ሳምንት ይጨምርላታል፤ ያጣችው ነገር የለም። ፈትታው ከሆነ ዕዳው የእኛ ነው፦ ከሁለቱ ሠሪዎች አንዷ በ4 ሰዓት ትቀበላታለች፤ ሹሩባ የማትሠራ ከሆነች ደግሞ በነፃ አጥባ፣ በፎን አድርቃ፣ እስከ አዲሱ ቀጠሮ የሚይዝላትን ነገር ሠርታ ትሸኛታለች። ስለዚህ ለዚህች ደንበኛ ስንደውል የመጀመሪያው ጥያቄ «መፍታት ጀመርሽ ወይ?» የሚለው ነው።

የሪላክሰሯ ደንበኛ መዘግየቱ አይጎዳትም፤ የሚያሰጋው ተናድዳ ሌላ ቤት መግባቷ ነው። ሪላክሰር የሚቀባው አዲስ የበቀለው ሥር ላይ ብቻ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ቀድሞ የተቀባውን ፀጉር ደርቦ ከቀባው ፀጉሩ ይበጣጠሳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ከቀናት በኋላ ማበጠሪያ ላይ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ ካለች መከልከል አይገባም፤ ባለፈው የተቀባችበት ቀን፣ የምርቱ ስምና ጥንካሬው ተጽፎ ይላክላታል። የምትጠብቀን ከሆነ ደግሞ ማሳሰቢያ ይጨመርላታል። ለቅዳሜ ብላ ራሷን ሳትታጠብና ሳታክ ቆይታለች፤ ቀኑ ስለተለወጠ አሁን መታጠብ ትችላለች፤ ከአዲሱ ቀጠሮ በፊት ባሉት ቀናት ግን መልሳ ትጠንቀቅ። ቀለም ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይመጣ ነበር። ከ48 ሰዓት በፊት ጆሮዋ ሥር የተሞከረው ቀለም አንድ ዓይነት ነው፤ ተተኪዋ ሌላ ምርት የምትጠቀም ከሆነ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ለ10 ሰዓቷ ደንበኛ መልእክት ይበቃታል። መልእክት ስል ግን ልኩን የጠበቀ ማለቴ ነው። በስልክ አጭር መልእክት የላቲን ፊደል በአንድ ጊዜ እስከ 160 ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ባዶ ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከፋፈልና ሒሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ስልኩ ሳይከፈት መስተዋቱ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቁራጭ ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን» የሚል ቁራጭ ያየች ሴት የማስታወቂያ ወሬ መስሏት ትተወዋለች፤ 10 ሰዓት ላይም በራችን ላይ ትቆማለች። እኔ የምልከው ይህን ነው፦

«የነገ ቅዳሜ 10 ሰዓት ቀጠሮዎ ተሰርዟል። ባለሙያዋ ታማለች። ሰኞ 4 ወይም ማክሰኞ 8 ሰዓት ይመችዎታል?»

ሰዓቱን በየደንበኛዋ እቀይራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚላክ ከሆነ «የነገ» የነበረው «የዛሬ» ይሆናል። ምንም ቢሆን ከ70 አያልፍም፤ ሰላምታ የጎደለው መስሎ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ መልስ ስትሰጥ በስልክ ሰላም ይበላት። «አንቺ» የምላትን ወጣት «አንቺ» እላታለሁ፤ እናቷን «እርስዎ»። አንድ ጽሑፍ ለሁሉም መበተን በእኛ ቋንቋ የማያምረው አንዱ በዚህ ነው። ለሰርግ ከአሜሪካ የመጡ እንግዶች ሲሆኑ ደግሞ «4 ሰዓት» ብቻውን አይበቃም። «ጠዋት 4፣ በፈረንጅ 10 ሰዓት» ብሎ ማስረዘም ተገቢ ነው፤ አለዚያ በአዲሱ ቀጠሮም እንተላለፋለን።

ስለ ሕመሙ «ታማለች» ይበቃል። ምን እንደሆነች የራሷ ጉዳይ ነው። ቢሆንም በእኛ አገር ይህች ቃል ስልክ ማስደወሏ፣ ለጥየቃ ብርቱካን ማስገዛቷ አይቀርም፤ መቀበያ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «እረፍት ላይ ናት፣ ሰላምታዎን አደርሳለሁ» የምትል አጭር መልስ ይዛ ትጠብቅ።

ወደ አዲሱ ቀጠሮ ስንመጣ «በሚመችዎ ቀን ይደውሉልን» ማለት ደግነት ይመስላል፤ በተግባር ግን ሥራውን መልሶ ለደንበኛዋ መስጠት ነው። ሁለት የተቆረጡ ሰዓቶች ሲቀርቡላት አንዱን ትመርጣለች፣ ወይም ሦስተኛ ትጠይቃለች። የታመመችዋን እጅ ብቻ የምትፈልግ ትኖራለች። ለእሷ የመመለሻ ቀን አንቀጥርም፤ ሠሪዋ ራሷ አታውቀውምና። «ስትመለስ መጀመሪያ የምደውለው ለአንቺ ነው» ብለን ስሟን በደብተሩ አናት ላይ እንጽፋለን። ሁለቱ ሰዓቶች እስከ መቼ እንደሚያዙም ይወሰናል፤ እኔ እስከ ቅዳሜ ማታ እይዛቸዋለሁ። ዝም ካለች አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ከዚያ ለሌላ እለቃቸዋለሁ። ቀብድ የከፈለች ከሆነች ምርጫው የእሷ ነው፦ ወደ አዲሱ ቀን ይተላለፍ ካለች ይተላለፋል፤ ይመለስልኝ ካለች በዚያው ምሽት በቴሌብር ይመለሳል። ደንበኛዋ ስትቀር ቀብዷን የምናስቀር ከሆነ፣ እኛ ስንቀር ለመመለስ ማቅማማት አያምርም።

የተመለሰችበትን ቀን አላጨናንቀውም። ሁሉንም የተሰረዘ ቀጠሮ በመጀመሪያው ጠዋት ብናሰልፈው ገና ባልጠና ጉልበቷ ስምንት ሰዓት ልትቆም ነው፤ በማግስቱም እንደገና ስረዛ እንጽፋለን። መጀመሪያ አጠባና ፒያስትራውን፣ በሁለተኛው ቀን ሹሩባውን እሰጣታለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የፐርሰንቱ ነገር ነበር። የሹሩባዋን ደንበኛ የሠራችው ልጅ የዕለቱን ፐርሰንት ሙሉ ታገኛለች፤ ደንበኛዋ ግን በደብተሩ ላይ በታመመችዋ ስም ትቆያለች፤ በሚቀጥለው ወር ራሷ ሌላ ካልመረጠች በቀር ወደ እሷ ትመለሳለች። ይህን ሁለቱም ከመታመማቸው በፊት ያውቁታል። ካላወቁት የምትተካዋ በግማሽ ልብ ትሠራለች፤ የታመመችዋም ደንበኞቿ እንዳይወሰዱባት ፈርታ በሚቀጥለው ጊዜ ኪኒን ውጣ፣ ማስክ አድርጋ፣ ደህና ነኝ ብላ ትመጣለች።