ሁለት ፍቺ ለአንድ ቃል ሲስማማ፦ የማዛመድ ጥያቄና ደካማውን ፍቺ የመለየት ዘዴ

በአማርኛ ፈተናዎች ውስጥ «በ‹ሀ› ረድፍ ያሉትን ቃላት በ‹ለ› ረድፍ ካሉት ፍቺዎች ጋር አዛምዱ» የሚለው ትእዛዝ እንደ ቀላል ጥያቄ ይታያል። ሁለት ፍቺዎች ለአንድ ቃል የተስማሙ ሲመስሉ ግን ተማሪው ይቸገራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም ምክር «ይበልጥ የሚቀርበውን ምረጥ» የሚል ነው። ምክሩ ቅርበት በምን እንደሚለካ ስለማይናገር ተማሪውን እዚያው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ይተወዋል። የእኔ አቋም ሌላ ነው። ደካማው ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቃሉ እውነት ይናገራል፤ የሚስበውም ስለዚህ ነው። ስለሆነም «ለቃሉ ይስማማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጥለውም። የሚጥለው «ከዚህ ቃል ሌላ ምን ያስገባል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በሦስት ቃላት ላይ እንፈትሸው፦ ብድር፣ ውሰት፣ አደራ። ከፊታቸው አራት ፍቺዎች ቀርበዋል እንበል። አንደኛው «ከሌላ ሰው እጅ ለጊዜው ተቀብለው የሚመልሱት ነገር» ይላል። ሁለተኛው «ተጠቅመውበት ራሱን የሚመልሱት ዕቃ»፣ ሦስተኛው «ተጠቅመውበት በምትኩ ልኩን የሚመልሱት ነገር»፣ አራተኛው ደግሞ «ሳይነኩ ጠብቀው ለባለቤቱ የሚመልሱት ነገር» የሚሉ ናቸው። ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ተማሪ «ብድር» ላይ ሲደርስ አንደኛውን ፍቺ ያገኛል፤ ይስማማል፤ ይጽፈዋል። ስህተቱ ቃሉን አለማወቅ አይደለም። ብድር በእርግጥ ተቀብለው የሚመልሱት ነገር ነው።

አሁን አንደኛው ፍቺ ምን ምን እንደሚያስገባ እንይ። ጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ ወስዳ፣ ጋግራ በልታ፣ በመኸር ሌላ ቁና ጤፍ ብትመልስ ፍቺው ይቀበላታል። አንድ ሰው መጥረቢያ ወስዶ እንጨቱን ፈልጦ ያንኑ መጥረቢያ ቢመልስም ይቀበለዋል። መንገደኛ ሣጥኑን ወዳጁ ቤት አስቀምጦ ሄዶ ሲመለስ ቢረከበው፣ ሣጥኑን ያቆየውን ወዳጅም ይቀበለዋል። የመጀመሪያው ብድር፣ ሁለተኛው ውሰት፣ ሦስተኛው አደራ ነው። ሦስቱንም የሚያስገባ ፍቺ የአንዳቸውም ፍቺ ሊሆን አይችልም፤ የሦስቱ የጋራ ወገን መጠሪያ ነው። አርስቶትል ብያኔን ወገንና ልዩ ምልክት ብሎ ሲከፍል የታየው ይኸው ነበር፤ ወገኑን ብቻ ተናግሮ የሚያቆም ብያኔ ነገሩን ከጎረቤቱ አይለይም።

የቀሩት ፍቺዎች ልዩ ምልክታቸውን ይዘዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው «ተጠቅመውበት» የሚለውን ይጋራሉ፤ የሚለያዩት «ራሱን» እና «ልኩን» በሚሉት ላይ ነው። ሁለተኛውና አራተኛው ደግሞ በተቃራኒው ራሱ ዕቃው እንዲመለስ ይጠይቃሉ፤ የሚለያቸው መጠቀምና አለመጠቀም ነው። ስለዚህ ሁለት ፍቺ ሲቀራረብ የመጀመሪያው ሥራ የሚጋሩትን መሰረዝ ነው። ከስረዛው የተረፈችው አንዲት ቃል ወይም ሐረግ የክርክሩ ቦታ ናት፤ ፈተናውም እዚያ ላይ ብቻ ይካሄዳል።

ፈተናው የሚካሄደው ቃሉን በቋንቋው ውስጥ ሲሠራ በማየት ነው። የእግር ኳስ ዘጋቢዎች ተጫዋች ለአንድ የውድድር ዘመን ሌላ ክለብ ሄዶ ሲጫወት «በውሰት» ሄደ ይላሉ፤ የሚመለሰው ራሱ ተጫዋቹ ነውና። ቤተ መጻሕፍት የሚያውሰው መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በሌላ ወገን፣ የተዋለለትን ወይም የተዋለበትን በልኩ የመለሰ ሰው «ብድሩን መለሰ» ይባላል፤ ማንም «ውሰቱን መለሰ» ብሎ ይህን አይናገርም። በአደራ የተሰጠውን ያጠፋ ሰውስ? «አደራ በላ» የሚለው ስድብ የተፈጠረው አደራን መጠቀም ራሱ በደል ስለሆነ ነው። የተበደረውን ጤፍ የበላ ግን ምንም አላጠፋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የአላቂ ነገሮችን ብድርና ተገልግለውበት የሚመልሱትን ዕቃ ውሰት በየራሳቸው ክፍል ነው የሚያያቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተማሪዎች ልዩነቱን በዕቃው ዓይነት መያዝ ይወዳሉ፦ ገንዘብ ከሆነ ብድር፣ ዕቃ ከሆነ ውሰት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን 500 ብር በአደራ ሲቀመጥስ? ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ተቀባዩ ግን ሊያጠፋው አይችልም። የሚወስነው ሰጪና ተቀባይ የተስማሙበት ነገር ነው። በምሳሌ የተያዘ ልዩነት ምሳሌው ሲቀየር ይፈርሳል፤ ስለዚህ ፍቺ የሚፈተነው በለመድነው ምሳሌ ሳይሆን ድንበሩ ላይ በቆመ ምሳሌ ነው።

ደካማ ፍቺ ሁልጊዜ ሰፊ ነው ማለት ግን አይደለም። ለ«ብድር» «ከባንክ በወለድ የሚወሰድ ገንዘብ» የሚል አማራጭ ቢቀርብ፣ ዝርዝሩ ራሱ የትክክለኛነት መልክ ይሰጠዋል። ይህኛው የሚወድቀው በተገላቢጦሹ ጥያቄ ነው፦ ቃሉ የሚጠራውን ማንን ውጭ አስቀረ? የጎረቤቷን ጤፍ አስቀርቷል፤ ያለ ወለድ የተሰጠውንም ሁሉ አስቀርቷል። በእርግጥ ጥያቄው ስለ ባንክ ከተጻፈ ምንባብ የወጣ ከሆነና «እንደ ምንባቡ አገባብ» የሚል ከሆነ ጠባቡ ፍቺ ሊያሸንፍ ይችላል። ትእዛዙን ሳያነቡ ወደ ረድፎቹ መሄድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የረድፎቹ ቁጥርም የራሱ ጉዳይ አለው። ቃላትና ፍቺዎች እኩል ሆነው እያንዳንዱ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ሁሉንም ቦታ ሞልቶ አንድ ብቻ መሳሳት አይቻልም፤ የአንዱን ፍቺ ለሌላው የሰጠ ቢያንስ ሁለቱን ያጣል። መምህሩ ብድርንና ውሰትን አለዋውጦ ሁለት ነጥብ ያጣ ተማሪ ሲያይ ያገኘው አንድ ግርታ ሁለቴ ተቆጥሮ ነው። ከላይ እንዳለው ፍቺው በአንድ ሲበልጥ ግን «የተረፈው የዚህ ነው» የሚለው መንገድ ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት የተሻለ ጥያቄ ይመስለኛል። ተማሪውም ከፍቺው በኩል ቢጀምር ያተርፋል። «ሳይነኩ» የሚለው ከአደራ በቀር ወሳጅ የለውም፤ «ልኩን» ከብድር በቀር፤ «ራሱን» ከ«ተጠቅመውበት» ጋር ሲጣመር ከውሰት በቀር። አንደኛው ሦስት ወሳጅ አለው። አንድ ወሳጅ ብቻ ያላቸው ፍቺዎች ቀድመው ቦታቸውን ሲይዙ፣ ብዙ ወሳጅ ያለው ባዶውን ይቀራል።

ዘዴው የማይደርስበት ቦታም አለ። የሰዋስው መጻሕፍት ከሌላ ቋንቋ የገቡ ቃላትን «የውሰት ቃላት» ይላሉ፤ እነዚህ ግን አይመለሱም፣ ሰጪው ቋንቋም ቃሉን አላጣም። በዚህ ስያሜ ላይ ሁለተኛውን ፍቺ የሞከረ ሰው ትክክለኛውን ፍቺ ይጥለዋል። ዘይቤያዊ አጠቃቀም የፍቺ መፈተኛ እንዲሆን መጀመሪያ ዘይቤ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ «ብድሩን መለሰ» ልኩን መመለስን እንደ ጠበቀ ስለተሻገረ ምስክር ሆኖ ያገለግላል፣ «የውሰት ቃላት» ግን ከመቀበል በቀር ሌላውን ሁሉ ጥሎ ነው የተሻገረው። ሌላው የጠያቂው ድርሻ ነው። ብድርና ውሰት ተሰጥተው በ«ለ» ረድፍ የቀረበው አንደኛው ፍቺና አንድ ሌላ የዚያ ዓይነት ሰፊ ፍቺ ብቻ ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢሰረዝ የሚተርፍ ልዩ ምልክት የለም። መዝገበ ቃላት አንዱን ቃል በተመሳሳዩ ሲፈታና ጠያቂውም ያንን እንዳለ ሲገለብጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከተማሪው ወረቀት ሳይሆን ከፈተናው መውጣት አለበት።