«አንቱ» ያቀያየማቸው ጎረቤታሞች

በቅርቡ አንድ ገና ያልታተመ አጭር ልቦለድ አነበብኩ። ሁለት ሴቶች በአንድ ግቢ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። አዲስ የገባችው ወጣት ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ?» ትላለች፤ ማክበሯ ነው። ነባሯ ግን አርባ ዓመት እንኳ አልሞላትምና «አስረጀችኝ፣ አራቀችኝ» ብላ ትቀየማለች። እሷ ደግሞ ለማቅረብ «ደህና አደርሽ?» ስትል ወጣቷ እንደ ንቀት ትቆጥረዋለች።

ብልሃቱ ከቋንቋችን ጠባይ የተቀዳ ነው። በአማርኛ «እንደምን አደርክ» ባይ ግሱ ላይ ሲደርስ አንቺና አንቱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ማምለጫው «ጤና ይስጥልኝ» ነው፤ ማንነትን ሳይለይ ያልፋል። ደራሲው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ወጣቷ ከመንፈቅ በኋላ ወደዚያ ስትሸሽ፣ ጎረቤቷ «ጭራሽ ዘጋችኝ» ትላለች። ከታሪኩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ዓመቱ ግን አላሳመነኝም። በጋራ ግቢ ቡና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ አስታራቂ አለ። አንዲት ሽማግሌ ለማስታረቅ ሞክራ ባይሳካላት ኖሮ ባመንኩ ነበር።

በመጨረሻ ነባሯ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ምን በደልኩሽና ነው አንቱ የምትይኝ?» ትላለች። ደራሲው ከዚህ በኋላ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ መግባባት ይሰብከናል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ገጽ ሰርዤ የማግሥቱን ጠዋት አንድ ሰላምታ ብቻ አስቀር ነበር፤ ወጣቷ በሯን ከፍታ፣ «እንደምን አደርሽ?»